«እስከ 8 ይቆያል» ስንት ሰዓት ነው? የሆቴል ሺፍት ርክክብ ማስታወሻ አጻጻፍ

ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ስሠራ፣ የጠዋቱ ተረኛ ሎግ ቡኩ ላይ «412 እስከ 8 ይቆያል» ብሎ ጽፎ ወጣ። እንግዳው የሌሊት በረራ ስለነበረበት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከፍሏል፤ ስምንት ያለው በራሱ አቆጣጠር ነው። በ9 ሰዓት የገባችው የሃውስኪፒንግ ልጅ ደግሞ በእኛ ሰዓት አነበበችው። ሰውዬው ከሄደ አንድ ሰዓት ሆኖታል ብላ በማስተር ቁልፍ ከፈተች። ተኝቷል! እሷ ላይ ማን ይፈርዳል?

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም የእኛንም አንድ ላይ ጻፉ፦ «20:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት»። ብቻውን የቆመ 8 አትጻፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ቀኑም ያምታታል፤ ሲስተሙ ረቡዕ 03:00 የሚለው ለእኛ ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። የኤርፖርት መኪና ስታዙ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት፣ 03:00» በሉ። ይረዝማል፣ ግን መኪናው በ24 ሰዓት አይሳሳትም።

ቀጥሎ የክፍል ቁጥሩን አስቀድሙና የተስማማችሁትን፣ የቀረውን ሥራና ማን እንደሚጨርሰው ጻፉ። የ412 ማስታወሻ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«412፦ ዛሬ 20:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይወጣል። ተከፍሏል። እስከዚያ አይንኳኳ። 2 ፎጣ ጠይቋል፣ አልደረሰውም፤ ሪሴፕሽን ደውሎ ካስፈቀደ በኋላ የፎቁ ተረኛ ታድርስ። ቀጣዩ እንግዳ 22:00፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይገባል፤ ክፍሉ እንደተለቀቀ ይጸዳ።»

«ተነግሯል» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ። «የሻወሩ ፍሳሽ ለጥገና ተነግሯል» ሲባል ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል፣ ከዚያ በሦስት ሺፍት ማንም አያየውም። «ለጥገና በ10 ሰዓት (16:00) ተነገረ፣ እስካሁን አልመጡም፣ ክፍሉ አይሸጥ» በሉ። ያላለቀ ነገር እስኪያልቅ ድረስ በየሺፍቱ እንደገና ይጻፋል፤ የትናንትን ገጽ ገልጦ የሚያይ የለም።

በመጨረሻ የሪሴፕሽኑን የክፍል ዝርዝርና ሃውስኪፒንግ ፎቅ ላይ ዞሮ ያየውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሲስተሙ 305ን «ሰው አለበት» ይላል፣ ፎቅ ላይ ያለችው ግን ባዶ ነው ትላለች እንበል። «ወጥቷል» ብላ አትጻፍ፤ ያየችውን ትጻፍ፦ «ሻንጣ የለም፣ አልጋው አልተነካም፣ 9:30 (15:30)»። እንግዳው ሳይከፍል ሄዶ ይሁን፣ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ይሁን፣ ሂሳቡን ከፍሎ ሪሴፕሽኑ ሳይዘጋው ቀርቶ ይሁን ከሂሳቡ የሚያጣራው ሪሴፕሽን ነው። ይህ ሳይጣራ 305 ለሌላ እንግዳ አይሰጥም።

ወጪው ተረኛ ማስታወሻውን ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፣ ገቢው ሰዓቶቹን መልሶ ይበል፣ ማስተር ቁልፎቹን ቆጥሮ ይረከብና ይፈርም። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። የታክሲ ሰልፉ አያልቅም፣ ትደርሱበታላችሁ።