ሲን ቶሎ ጨምሯት

ደሴ ውስጥ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ። ኢንቲግሬት ሲያደርጉ ኮንስታንቷን ሲን ይረሷትና መጨረሻ ላይ ይለጥፏታል። እስቲ በሻይ እንየው።

የጦሳ ብርድ የገባበት ቤት 15 ዲግሪ ነው እንበል፤ ሻዩ ሲቀዳ 75። ጊዜው በደቂቃ ነው።

```
dT/dt = -0.05(T - 15),  T(0) = 75
```

ቲን ወደ ግራ፣ ጊዜን ወደ ቀኝ ለዩና ኢንቲግሬት አድርጉ፦

```
ln(T - 15) = -0.05t + C
```

ሲ እዚሁ መስመር ላይ መግባት አለባት። ሎጋሪዝሙን ሳትፈቱ በፊት t = 0 እና T = 75 ተኩ፤ C = ln 60 ይመጣል። ከዚያ ስትፈቱት ሲ ማባዣ ትሆናለች፦

```
T = 15 + 60e^(-0.05t)
```

ከ10 ደቂቃ በኋላ ሻዩ 51 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሎጋሪዝሙን ከፈታችሁ በኋላ ሲን ብትደምሯት ግን ይህ ይወጣል፦

```
T = 74 + e^(-0.05t)
```

ይሄም t = 0 ላይ 75 ይሰጣል። ስለዚህ መነሻውን ብቻ መፈተሽ አያድንም። ጊዜውን በጣም አርዝሙት፤ ሻዩ 74 ላይ ቆሞ ይቀራል። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ሻይ የለም! መልሳችሁን ዲፈሬንሺየት አድርጋችሁ ከዋናው እኩልታ ጋር ብታስተያዩትም ስህተቱ ወዲያው ይታያል።