በውል እድሳት ላይ አዲስ "አይሸፈንም" ሲጨመር፦ ለደንበኛ ስንነግር የምንሠራቸው ስህተቶች

የኢንሹራንስ ውል ሲታደስ አንዳንዴ አምና ያልነበረ መስመር ይጨመራል፤ "ይህ ጉዳት አይሸፈንም" የሚል። ይህን ለደንበኛ መንገር የቅርንጫፍ ሠራተኛና የወኪል ሥራ ነው። እኔ በምሠራበት በጎጃም በብዛት የምናድሰው የጭነት መኪና ውል ስለሆነ ምሳሌዬንም ከዚያው ልውሰድ።

ሙሉ ሽፋን ያለው አይሱዙ ነው እንበል። ባለቤቱ ቡሬ ይኖራል፤ ሾፌሩ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሲመሽበት የዓባይን በረሃ በጨለማ ከመውረድ ብሎ ደጀን ያድራል። አዲሱ መስመር እንዲህ ይላል፦ "ተሽከርካሪው ጥበቃ በሌለበት ቦታ ቆሞ ሳለ ለሚሰረቁ መለዋወጫዎች ካሳ አይከፈልም።" ትርፍ ጎማ፣ ባትሪ፣ ስፖኪዮ ማለት ነው።

"እንደ አምናው ነው" ማለት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወኪሉ ደንበኛውን ላለማስደንገጥ ብሎ ይደውልና "ጋሼ፣ ውልዎ ሊያልቅ ነው፤ እንደ አምናው ነው፤ ብቅ ብለው ይፈርሙ" ይላል። ጋሼም አምነውት ይፈርማሉ። ከወራት በኋላ ሾፌሩ ጠዋት ሲነሳ ትርፍ ጎማው የለም። ባለቤቱ የፖሊስ ማስረጃ ይዘው ሲመጡ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ውሉን ገልጦ መስመሩን ያሳያቸዋል። እሳቸውም "እንደ አምናው ነው ብላችሁኝ አልነበር?" ይላሉ። ምን ይመለስላቸዋል? አንድ ሰው በዚህ መንገድ ከተታለለ በኋላ ስለ ግጭቱም፣ ስለ እሳቱም፣ ስለ ግልበጣውም የምንነግረውን አያምንም። ዘመድ ጓደኛውም አያምንም።

ደንበኛውን የሚያረጋጋው የተለወጠው ነገር ስፋት በልኩ ሲነገረው ነው። ያልተለወጠውን አብራችሁ ንገሩት። በኛ ምሳሌ መኪናው ራሱ ቢሰረቅ እንደ በፊቱ ይሸፈናል። ቢጋጭና ስፖኪዮው ቢሰበር እንደ በፊቱ ነው። የሦስተኛ ወገን ሽፋኑም አልተነካም። ጥበቃ ባለበት ግቢ አድሮ ጎማ ቢሰረቅም እንደ በፊቱ የራስ ድርሻው ተቀንሶ ይከፈላል። የተለወጠው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ጥበቃ በሌለበት ቦታ ቆሞ ዕቃ ሲሰረቅ። ይህን የሰማ ደንበኛ ቀጥሎ የሚጠይቀው "ታዲያ የት ይደር?" ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከመጣ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

"ጥበቃ ያለበት ቦታ" ምን እንደሆነ ሳያውቁ ደብዳቤ መላክ

ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። የሆቴል ግቢ ከነዘበኛው ይቆጠራል? ባለ ሱቆቹ አዋጥተው የቀጠሩት የመንገድ ዳር የሌሊት ጠባቂስ? ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ቢተኛ ጥበቃ ነው ወይስ አይደለም? ደጀንም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሚያድር ሾፌር በየቀኑ የሚያጋጥመው ይሄው ነው። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በየቅርንጫፉ የተለያየ መልስ ከተሰጠ ችግሩ ይብሳል።

ስለ ማስረጃም አብራችሁ ጠይቁ። ብዙ ማደሪያ ግቢ ደረሰኝ አይሰጥም። የዘበኛው ስም፣ ቀኑና የሰሌዳ ቁጥሩ ያለበት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይበቃል? ይበቃል ከተባለ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ የግድ ነው ከተባለም ሾፌሩ ዛሬውኑ ይወቀው።

ቃሉን በጭጋግ መተው ለኩባንያውም አይበጅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1738 አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል አሻሚ ከሆነ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ይላል። የኢንሹራንስ ፖሊሲን የሚያዘጋጀው ደግሞ ኩባንያው ነው።

የኩባንያውን ኪሳራ ማስቀደም

"የስርቆት መበራከትን ተከትሎ" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አይቻለሁ። አንባቢው መጀመሪያ የሚያስበው "መንገዱ ምን ሆነ?" ነው። ቀጥሎ "እኛን ነው እንዴ የጠረጠሩት?" ይላል። ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ልቡ ቆስሏል። ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አካባቢ አስቀምጡት። መጀመሪያ የሚመጣው ለውጡና የሚጀምርበት ቀን ነው። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

"ውልዎ ሲታደስ አንድ ለውጥ ይኖረዋል። ከእድሳቱ ቀን ጀምሮ መኪናዎ ጥበቃ በሌለበት ቦታ ቆሞ ጎማ፣ ባትሪ ወይም ሌላ መለዋወጫ ቢሰረቅ ካሳ አንከፍልም። ጥበቃ ባለበት ግቢ አድሮ ቢሰረቅ ግን እንደ በፊቱ እንከፍላለን፤ ያደረበትን ወረቀት ይያዙ። የመኪናው ስርቆት፣ የግጭትና የሦስተኛ ወገን ሽፋንዎ አልተለወጠም። አሁን ያለው ውልዎ እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ እንደነበረ ይቀጥላል።"

ከዚህ በኋላ የውሉ ቃል ያለበት አባሪ ይያያዛል። አባሪውን ብቻ መላክ ግን ምንም እንዳልላኩ ነው።

በመጨረሻው ቀን ማሳወቅ

ውሉ ዛሬ ማታ ሊያበቃ መኪናው ጭነት ይዞ ቆሟል። ሰውየው ምን አማራጭ አለው? ይፈርማል። የሦስተኛ ወገን ስቲከሩ ካልታደሰ መንቀሳቀስ አይችልም። ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው ይድረሰው። ሌላ ኩባንያ መጠየቅ ወይም ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ሽፋኑን ማስመለስ ይቻል እንደሆነ ማጣራት የሚችለው ያኔ ነው። ማስመለስ የሚቻል ከሆነ ዋጋውም እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ለተሳሳተ ሰው መንገር

እኛ ዘንድ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ወይም የባለቤቱ ልጅ ነው። ፈርሞ ይሄዳል፤ ደብዳቤው ዳሽቦርድ ውስጥ ይቀራል። ውሉ የባለቤቱ ነውና ለእሱ ደውሉ። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። መኪናውን የት እንደሚያሳድር የሚወስነው ሾፌሩ ነው። ባለቤቱ ብቻ አውቆ ሾፌሩ ካላወቀ መስመሩን በመጀመሪያው ሌሊት ይጥሰዋል። ለሾፌሩ የሚሆን አንድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁለት፤ ጋቢና ውስጥ የሚለጠፍ።

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩም ይወቀው።

"ገብቶዎታል?" ብሎ ማለፍ

መልሱ ሁሌም "አዎ" ነው። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ሠራተኛ ፊት አልገባኝም ማለት ይከብዳቸዋል። ማንበብ ለማይችሉት ደብዳቤውን አንብቡላቸው። ከዚያ በሁኔታ ጠይቁ። ባለፈው የሥራ ባልደረባዬ አንድ አባትን እንዲህ ሲላቸው ሰማሁ፦

"አባቴ፣ ልጅዎ ደጀን ሲመሽበት መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ቢተኛና ባትሪው ቢሰረቅ፣ እኛ ምን የምናደርግ ይመስልዎታል?"

"ትከፍላላችሁ እንጂ! ለዚህ አይደል የምከፍለው?"

ደብዳቤው ተነቦላቸዋል፤ "ገብቶኛል" ብለውም ነበር። ባልደረባዬ አልተቆጣም፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳቸው። በሁለተኛው ላይ ዝም ብለው አሰቡና "እንግዲያ ለግቢ ማሳደሪያ ከመንገድ አበሉ ላይ ልጨምርለት ነዋ" አሉ። ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ልጃቸው ጋ ደወሉ።