የብድር ዕቅድዎን ባንክ ከመውሰድዎ በፊት በብድር ባለሙያው ዓይን እንዴት ይመዝኑታል?

«ካርታ ያለው ሰው ብድር አያጣም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሆኖም የቤት ካርታ ይዘው ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ጎበዝ የብድር ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ ሳይሆን ወርሃዊው ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ነው። ቀጥሎ ያቀረቡት ቁጥር የሚታመን መሆኑን ያጣራል። ዋስትናውን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ለማሳያ አዳማ ላይ ያለች አንዲት ዳቦ ቤት እንውሰድ። ባለቤቷ አሁን የምትጋግረው በእንጨት ምድጃ ነው። የኤሌክትሪክ መጋገሪያና የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ለመግዛት 1,200,000 ብር ትጠይቃለች። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 3 ዓመት ይሁን። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ስለሆኑ እርስዎ በራስዎ ንግድ ቁጥር ይተኳቸው።

1. ሽያጩን በዕቃው ያረጋግጡ

ባለቤቷ በቀን 18,000 ብር እንደምትሸጥና በወር 26 ቀን እንደምትሠራ ትናገራለች። ይህ በወር 468,000 ብር ይሆናል። ባለሙያው ቁጥሩን እንዲሁ አይቀበልም። ዳቦ ቤቷ ድረስ ሄዶ ዱቄቱን ያያል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከአንድ ኩንታል ዱቄት በግምት 135 ኪሎ ዳቦ ይወጣል። በ100 ግራም ሲከፋፈል 1,350 ዳቦ ነው። አንዱ በ10 ብር ከተሸጠ ኩንታሉ 13,500 ብር ያስገባል። ስለዚህ በወር 468,000 ብር ለመሸጥ ወደ 35 ኩንታል ዱቄት ያስፈልጋል። የዱቄት ደረሰኞቿ ሲደመሩ 35 ኩንታል አካባቢ ከመጡ ቃሏ ታመነ። 20 ኩንታል ብቻ ከሆኑ ግን ወይ ሽያጩ ተጋንኗል፣ ወይ ያለ ደረሰኝ ትገዛለች ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ባለሙያው የሚይዘው ትንሹን ቁጥር ነው።

እርስዎም ይህንኑ ያድርጉ። ጋራዥ ካለዎት በተገዛው ዘይትና መለዋወጫ፣ ካፌ ካለዎት በቡናው፣ በወተቱና በስኳሩ ይለኩት። ሽያጭዎን የሚመሰክር አንድ ዕቃ አይጠፋም።

2. ዛሬ የሚተርፈውን ብር ያግኙ

ወጪዋን እናስላ። ለ35 ኩንታል ዱቄት በ8,000 ብር ሂሳብ 280,000፣ ለእርሾና ለጨው 20,000፣ ለሠራተኞች ደሞዝ 42,000፣ ለኪራይ 30,000፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለእንጨት 14,000፣ ለትራንስፖርትና ለልዩ ልዩ 12,000 ብር። ድምሩ 398,000 ይሆናል። 70,000 ተረፈ። ግብር በወር 8,000 ብር ይያዝ፤ 62,000 ቀረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ባለሙያው ግን ይቀጥላል፤ «ቤት ውስጥ በምን ትኖራላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የልጆች ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ፣ የቤት ኪራይ ካለ እሱም የሚከፈለው ከዚሁ መሳቢያ ነው። 15,000 ለቤት፣ 10,000 ለእቁብ እንያዝ። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። እቁቡን ቀድመው ከበሉት ቀሪው መዋጮ ዕዳ ስለሆነ አይደብቁት። በመጨረሻ ለብድር ክፍያ ሊውል የሚችለው 37,000 ብር ነው።

አሁን ከክፍያው ጋር ያስተያዩት። 1,200,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ በ36 ወር ሲከፈል በየወሩ ወደ 42,200 ብር ይመጣል። የዛሬው ንግድ ይህን አይሸከምም። ዕቅዱ የቆመው አዲሱ ማሽን ያመጣል በተባለው ገቢ ላይ ብቻ ነው። ባለሙያውን የሚያሳስበው ይህ ነው።

3. ዕቅዱን በክፉ ቀን ይፈትኑት

በዕቅዷ ላይ ሽያጩ 80 በመቶ ያድጋል ብላለች። ባለሙያው «ተጨማሪውን ዳቦ ማን ይገዛል?» ይላል። ከአንድ ሆቴልና ከሁለት ትምህርት ቤቶች የጽሑፍ ትዕዛዝ ካላት በዚያ ልክ ይቆጥርላታል። የ25 በመቶ ዕድገት ተያዘላት እንበል። ሽያጩ በ117,000 ብር ያድጋል፣ ዱቄቱና እርሾው 75,000 ይወስዳል። ለመብራት፣ ለአንድ ተጨማሪ ሠራተኛና ለግብር 12,000 ሲቀነስ 30,000 ይቀራል። ከበፊቱ ጋር 67,000 ሆነ። ክፍያውን ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይሸፍናል። ደስ ይላል።

አሁን ግን የዱቄት ዋጋ 10 በመቶ ይጨምር፣ የዳቦ ዋጋ ደግሞ ባለበት ይቆይ። ዳቦ ጋጋሪ ይህን ያውቀዋል፤ ዱቄት ዛሬ ይወደዳል፣ የዳቦ ዋጋ ግን ቶሎ አይከተለውም። ወጪው በወር 35,000 ብር ይጨምርና የሚተርፈው 32,000 ብቻ ይሆናል። 42,200 ከየት ይምጣ? አብዛኞቹ ዕቅዶች የሚወድቁት እዚህ ነው። ዕቅዱ የተፈተነው በደህና ቀን ብቻ ስለሆነ ዕቅድ አውጪው ውድቀቱን አያየውም።

መፍትሔው ገቢውን በወረቀት ላይ ማሳደግ አይደለም። ብድሩን ማሳነስና ጊዜውን ማርዘም ነው። ባለቤቷ 300,000 ብር ከራሷ አምጥታ 900,000 ብር ብቻ በ48 ወር ብትበደር ወርሃዊው ክፍያ ወደ 25,500 ብር ይወርዳል። በተወደደ ዱቄት የሚተርፈው 32,000 ይህን ይሸፍነዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽኑ ምንም ባያመጣ እንኳ የዛሬው 37,000 ብር ይከፍለዋል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በዕቅዱ ላይ መጻፍ የቻለ ሰው ከባለሙያው ጋር የሚያደርገው ውይይት ይቀልለታል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ስሪ ፌዝ መስመርና በቂ ኃይል ይፈልጋል። ማሽኑ ገብቶ ቆጣሪ እስኪቀየር ወራት ቢፈጅስ? ወለዱ ይቆጥራል። ስለዚህ የኃይል ፈቃዱን ከብድሩ በፊት ይጨርሱ። ካልሆነም የእፎይታ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጠይቁ።

4. ታሪክዎ ምን ይናገራል?

ባለሙያው የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። የሚያየው የሂሳቡን ቀሪ ብቻ አይደለም፤ በየወሩ የገባውንና የወጣውን ያያል። 468,000 ብር እሸጣለሁ ያለች ሴት ሂሳብ ውስጥ በወር 150,000 ብቻ ከገባ ጥያቄ ይነሳል። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ ተበድሮ የገባ ብር ደግሞ ወዲያው ይለያል። ከየትም ያልመጣ ትልቅ ገቢ አንድ ጊዜ ታይቶ ይጠፋልና። የሚረዳው ቢያንስ ስድስት ወር ሽያጭን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ባንክ ማስገባት ነው።

ቀጥሎ የብድር ታሪክ አለ። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት በኩል ሌላ ቦታ ያለብዎትን ብድርና አከፋፈልዎን ያያሉ። ስለዚህ «ሌላ ዕዳ የለብኝም» የሚል ውሸት አያዋጣም። ዘግይተው ከከፈሉ ምክንያቱን ቀድመው ይናገሩ፣ ማስረጃም ያቅርቡ። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሹት ተርታ ይመደባል። በ10 ቀን መዘግየትና በ90 ቀን መዘግየት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ሌላው የግብር ወረቀት ነው። ለገቢዎች የዓመት ትርፌ 240,000 ነው ብለው ካሳወቁ በኋላ ለባንኩ በወር 70,000 አተርፋለሁ ማለት አይቻልም። ሁለቱም ወረቀቶች እዚያው ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባለሙያው ትንሹን ይዞ ቢያሰላ ሊወቅሱት አይችሉም። በእኔ እይታ ጥሩ ንግድ ያላቸውን ሰዎች ከብድር የሚያስቀረው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በአንድ ሳምንት የሚስተካከል ጉዳይም አይደለም።

5. ዋስትናውን በባንኩ ዋጋ ይገምቱ

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ዱቄቱም ተወዶ ማሽኑም ሥራ ካልጀመረ ከ37,000 ላይ 28,000 ይቀነሳል። የሚተርፈው 9,000 ነው። 25,500 አይከፈልም። ዋስትና የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ቤቷ በሰፈር ወሬ 2,500,000 ብር ያወጣል። የባንኩ መሐንዲስ ግን 1,500,000 ሊገምተው ይችላል። የሚያሰላው የግንባታውን ወጪ፣ የቤቱን ዕድሜና ቦታውን ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለመያዣ የሚቀርበው ግንባታው ከነይዞታ መብቱ ነው። ባንኩ የሚያበድረውም ከግምቱ ላይ በመቶኛ ነው። መቶኛው ከባንክ ባንክ ይለያያል። 70 በመቶ ቢሆን 1,050,000 ይመጣል፤ ለ900,000 ይበቃል፣ ለመጀመሪያው 1,200,000 ግን አይበቃም ነበር።

ከግምቱ በፊት ግን ሦስት ነገር ይጣራል። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያስ? ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ግድ ነው። በመጨረሻው ሰዓት አንደኛው «አልፈርምም» ብሎ የቆመ ፋይል ብዙ ነው። ይህን ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ቀድማችሁ ጨርሱት። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሚፈርም ሁሉ ይህን አውቆ ይፈርም።

ቤት የሌለው ሰውስ? የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ዕቃና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ በመያዣነት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። ነገር ግን ያገለገለ መጋገሪያ ሲሸጥ ዋጋው በጣም ስለሚወርድ ባንኩ በትንሹ ይገምተዋል።

6. መልሱ «አይሆንም» ከሆነ

ባለሙያው ሪፖርቱን ለብድር ኮሚቴ ያቀርባል። ከጸደቀ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በፕሮፎርማው መሠረት በቀጥታ ለማሽን ሻጩ ይከፈላል፤ የራስዎ 300,000 ደግሞ ቀድሞ እንዲገባ ይጠየቃል። ካልጸደቀ ምክንያቱን በግልጽ ይጠይቁ። ችግሩ የመክፈል አቅም ከሆነ መጠኑን ቀንሰው ወይም ጊዜውን አርዝመው በዚያው ወር እንደገና ማቅረብ ይችላሉ። ዋስትናው ካነሰ ተጨማሪ መያዣ ወይም ዋስ ይፈለጋል። ታሪክ ከሆነ ግን ሌላ ባንክ መሄድ አይጠቅምም፤ እዚያም የሚያዩት ያንኑ መረጃ ነው። ሽያጩን በሂሳብዎ እያስገቡ፣ ግብሩን በትክክል እያሳወቁ ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቁና በአዲሱ ስቴትመንት ይመለሱ።