60 ዲግሪ ጠብቀን 52 ሲመጣ፦ የባለ ሁለት ቱቦ ሙቀት መለዋወጫ ችግርና መፍትሄ

ባለ ሁለት ቱቦ የሚባለው ቀጭን ቱቦ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የገባበት ነው። በአንዱ ትኩሱ፣ በሌላው ቀዝቃዛው ያልፋል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ፓራለል ፍሎው፣ ተቃራኒ ከሄዱ ካውንተር ፍሎው ይባላል።

አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። 90 ዲግሪ ትኩስ ውሃ አለን፤ 50 ሆኖ ይወጣል። በእሱ ቀዝቃዛውን ከ20 ወደ 60 ማሞቅ ፈልገናል። የሁለቱም ፍሰት በሰከንድ 0.25 ኪሎ ነው።

ችግር፦ 60 የተባለው ውሃ 52.6 ላይ ቆመ፤ ቱቦ ቢቀጠልም አልሞቅ አለ

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። የሚተላለፈው ሙቀት 0.25 × 4.18 × 40 ነው፤ 41.8 ኪሎዋት። በካውንተር ፍሎው ትኩሱ በሚገባበት ጫፍ ልዩነቱ 90 − 60 = 30 ነው። በሌላኛው ጫፍም 50 − 20 = 30። ስለዚህ በቀመሩ LMTD የሚባለው አማካይ የሙቀት ልዩነት 30 ነው። የማስተላለፊያ መጠኑን U 1000 ብለን ብንወስድ (ለንጹሕ ውሃ ከውሃ የማይርቅ ግምት ነው) የሚያስፈልገው ስፋት ይሄ ነው፦

```
A = Q / (U × LMTD)
A = 41800 / (1000 × 30) = 1.39 m²
```

የውስጡ ቱቦ የውጭ ዲያሜትር 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 17.7 ሜትር ገደማ ይወጣል።

እዚህ ድረስ ልክ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ሲገጠም ነው። ባለሙያው ቀዝቃዛውን ትኩሱ በሚገባበት ጫፍ በኩል አስገባው፤ ቧንቧው እዚያ ቅርብ ስለነበረ። መለዋወጫው ሳይታወቅ ፓራለል ሆነ። በዚህ አገጣጠም ቀዝቃዛው 52.6፣ ትኩሱ 57.4 ሆነው ይወጣሉ።

ከዚያ "ቱቦው አጥሯል" ተብሎ ይቀጠላል። ርዝመቱን እጥፍ አድርጉት፤ የሚገኘው 54.8 ብቻ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ እየተቀራረቡ 55 ላይ ይገናኛሉ፤ ፍሰታቸው እኩል ስለሆነ መሃል ለመሃል ነው። መቶ ሜትር ብትገጥሙም 55ን አታልፉም። ለዚያ ሁሉ ብረት ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል።

*እንዴት ይለያል?* በአራቱም አፎች ላይ ቴርሞሜትር ያዙ፤ በእጅ አትንኩ፣ 90 ዲግሪ ያቃጥላል። ትኩሱ በሚገባበት ጫፍ የሞቀው ውሃ መውጣት አለበት። ቀዝቃዛው እዚያው ጫፍ ላይ እየገባ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት።

*መፍትሄ፦* የቀዝቃዛውን መግቢያና መውጫ ማቀያየር ነው። ሁለት ሆዝ ፈትቶ መልሶ ማሰር፣ አለቀ። መለዋወጫው ዘንበል ካለ ግን ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ከላይ ቢወጣ ይሻላል፤ አለዚያ አየር ይታመቅበታል። ያ የማይመች ከሆነ የትኩሱን አቅጣጫ ገልብጡ።

ችግር፦ ካልኩሌተሩ ኤረር አለ

```
LMTD = (ΔT1 − ΔT2) / ln(ΔT1 / ΔT2)
```

ከላይ ያለውን 30 እና 30 እዚህ ብታስገቡ ዜሮ ለዜሮ ይመጣል። ምንም አልተበላሸም። ሁለቱ ጫፎች እኩል ሲሆኑ መልሱ ራሱ 30 ነው።

ያንኑ ሥራ በፓራለል ብትሞክሩ ግን አንዱ ጫፍ 90 − 20 = 70፣ ሌላው 50 − 60 = −10 ይሆናል። የኔጌቲቭ ሎግ የለም። ይሄኛው ኤረር እውነተኛ ነው፤ ቀዝቃዛው ከትኩሱ በልጦ እንዲወጣ ጠይቃችኋል። ቁጥሩን ለማስተካከል አትድከሙ፤ ወይ ካውንተር አድርጉት፣ ወይ የምትፈልጉትን ሙቀት ቀንሱ።

ችግር፦ በሁለቱም አገጣጠም ያው ስፋት ወጣ

ተማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የምንፈልገውን ወደ 50 ዲግሪ እናውርደው፤ ትኩሱ 60 ሆኖ ይወጣል፣ ሙቀቱም 31.35 ኪሎዋት ይሆናል። ካውንተር ላይ ጫፎቹ 40 እና 40 ናቸው። ፓራለል ላይ 70 እና 10። ደምራችሁ ለሁለት ካካፈላችሁ በሁለቱም 40 ይመጣል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ተራ አማካይ አቅጣጫን አያውቅም።

በሎጉ ግን ፓራለሉ 60 ÷ ln 7 ነው፤ 30.8። ስፋቱ 1.02 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ካውንተሩ 0.78 ይበቃዋል። በተራ አማካይ የሠራ ሰው ለፓራለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ቱቦ ገዝቷል ማለት ነው።

ችግር፦ በደህና ጀምሮ በወራት ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ

አቅጣጫው አይደለም፤ ቆሻሻና የኖራ ቅርፊት ነው። የቅርፊቱ መቋቋም 0.0002 ቢሆን U ከ1000 ወደ 833 ይወርዳል፤ ለመጀመሪያው ሥራ 1.67 ካሬ ሜትር ያስፈልግ ነበር። የተገጠመውን ፈታችሁ አጽዱ። አዲስ ከሆነ ስፋቱን ከመጀመሪያው በቆሸሸው U አስሉት።