ቦሎ ሲከለከል ካታሊቲክ ለመግዛት አትሮጡ

ባለፈው ዓመት ኮሮላዬ ደብረ ብርሃን ላይ የዓመቱን ምርመራ ወደቀች። ፍሬኗ ደህና ነው፣ መብራቷም ደህና ነው፤ ጭሷ ግን አላለፈም። ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ከበራች ሦስት ሳምንት አልፏት ነበር። እኔ ደግሞ እንዳላየ ሆኜ እነዳለሁ።

ጋራዥ ስወስዳት ልጁ ስካነሩን ሰካና P0420 የሚል ኮድ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ካታሊቲኩ ሞቷል፤ መቀየር ነው» አለኝ፤ የጭስ ቱቦው ላይ ሆኖ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ ማለቱ ነው። ያገለገለውን 60 ሺህ ብር ጠሩልኝ። በመጨረሻ መኪናዋን ያዳናት ግን 4,500 ብር የገዛሁት ያገለገለ ኮይልና የ2,800 ብር ካንዴላ ነው። ዋጋው በየወሩ ይለዋወጣል፤ ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። እዚያ እስክደርስ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የምርመራውን ወረቀት ኪስ ውስጥ ከትቶ መርሳት

«ወድቋል» የሚለውን ብቻ አንብቤ አጠፍኩት። ዋናው ነገር ያለው ግን ቁጥሮቹ ላይ ነው። የጭስ መለኪያው ከሌሎች ጋር ሦስት ነገሮችን ይጽፋል፦ CO፣ HC እና O2። HC ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። CO ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንስ ይጨምራል። O2 የተረፈው ኦክስጅን ነው።

የኔ ወረቀት HC 480 ይላል፤ CO ትንሽ ነው፤ O2 ደግሞ ከፍ ብሏል። ነዳጅም አየርም ሳይነካኩ አብረው ወጥተዋል ማለት ነው። እሳቱ አልተነሳም! አንዱ ሲሊንደር አልፎ አልፎ ይስታል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ቢሆን ኖሮ CO ይወጣል፣ O2 ይወርዳል። ይህን ከመጀመሪያው ባነብ የካታሊቲክ ዋጋ ባልጠየቅሁ።

የመጀመሪያውን ኮድ አይቶ ስካነሩን መንቀል

P0420 «ካታሊቲክ ቀይር» አይልም። የሚለው «ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ሴንሰር ያየው ነገር ካታሊቲኩ ሥራውን እየሠራ ነው አያሰኝም» ነው። ከሥሩ ሌላ ኮድ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታያል። በኔ መኪና ሁለተኛው ኮድ P0302 ነበር፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ይስታል ማለት ነው። ልጁ ወደ ታች አላወረደውም።

ካታሊቲክ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ ይገደላል። ያልተቃጠለው ነዳጅ እሱ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፤ ሙቀቱም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ውስጡን ያቀልጠዋል። ገዳዩን ሳትይዙ ሌላ ካታሊቲክ ብታስገቡ እሱንም ያቃጥለዋል። በ60 ሺህ ብር ሌላ ማገዶ ገዛችሁ ማለት ነው።

«እዚህ ሲሠራ ደህና ነው» ብሎ ማለፍ

ይቺ የኛ አገር ጉዳይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ያንሳል። የተዳከመ ኮይል ደግሞ የታመቀ አየር ሲበዛበት ነው ብልጭታ መስጠት የሚያቅተው። ስለዚህ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ስትሠራ ጆሮ ምንም አይሰማም። መለኪያው ግን ያቺን አልፎ አልፎ የምትስተዋን ይይዛታል።

ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ተመለሱ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ስትወጡ ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ ጭነት አለ። ያኔ የኔዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ በሦስት ትሠራ ነበር፤ ምልክቷም ብልጭ ድርግም ማለት ያዘች።

ዝም ብላ የበራችና ብልጭ ድርግም የምትል አንድ አይደሉም። ሁለተኛዋ «አሁን ካታሊቲኩ እየተቃጠለ ነው» ማለቷ ነው። ነዳጅ ቀንሱ፣ ዳር ያዙ። እኔ ጣርማ በር እስክደርስ ረግጬ ወጣሁ። ካታሊቲኩ የተረፈው በዕድል ነው።

ኮይሉን ለመለየት ምንም አልገዛሁም። ሞተሩ ሲበርድ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ነቅለን ከአራተኛው ጋር አቀያየርን። ኮዱን አጥፍተን ዳገቱን እንደገና ስንሞክር P0304 መጣ። ስህተቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ፤ ጥፋተኛው ተያዘ። ኮዱ P0302 ላይ ቢቀር ኖሮ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን፣ መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሽኑን እናይ ነበር።

ሴንሰሩን በግምት መቀየር

ጎረቤቴ ኦክስጅን ሴንሰር በ9 ሺህ ብር ቀይሮ መብራቱ በሳምንቱ ተመለሰ። የሱ ስካነር P0171 ይል ነበር፤ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ሲሊንደር ሲስት ያልተቃጠለ ኦክስጅን ስለሚያልፍ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ያየውን ነው የተናገረው፤ አልዋሸም። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ቀዳዳም አየር እየሳበ ያው ያስብለዋል። የጎረቤቴ ችግር ቀዳዳው ነበር፤ ብየዳ በቂ ነበር።

ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ P0135 ወይም P0141 ይመጣል። እነዚህ የውስጡ ማሞቂያ ኮዶች ናቸው። ፊውዙን አይታችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ የማሞቂያውን ሁለት እግር በመልቲሜትር ለኩ። ጥቂት ኦም ካሳየ ማሞቂያው አልተቆረጠም፤ ምንም ካላሳየ ተቆርጧል፣ ቀይሩት። ስትገዙ ግን በብዙ ቶዮታዎች የፊተኛውና የኋለኛው የተለያዩ ናቸው። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አትውሰዱ።

ካታሊቲኩን ማስቦርቦር

«ውስጡን እናውጣው፣ መኪናው ይቀላል» የሚሉ አሉ። መለኪያው የሚያየው ጭሱን ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ጭስ አያጣራም። በዚያ ላይ P0420 ቋሚ እንግዳ ይሆንባችኋል።

በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ አይከብድም። መጀመሪያ መሳቱ ይወገድ። ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ 2,500 ዙር ላይ ያዙት፤ ስካነሩ ላይ የኋለኛውን ሴንሰር ተመልከቱ። ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ከቆመ ካታሊቲኩ ይሠራል። ከ0.1 ወደ 0.9 እየዘለለ ከሆነ ሞቷል። ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ መታ ስታደርጉት ውስጡ ከተንኳኳ ደግሞ ተሰባብሯል። ያኔ 60 ሺው አይቀርም። የኔው 0.7 ላይ ቆመ።

ኮዱን አጥፍቶ በዚያው ወደ ምርመራ መሮጥ

ባትሪ ነቅሎ መብራት ማጥፋት ጭሱን አይለውጥም። ኮምፒውተሩም ካታሊቲኩን እንደገና መፈተሹን ሳይጨርስ መብራቱ መጥፋቱ ምንም አያረጋግጥም።

እኔ ኮይሉንና ካንዴላውን ከቀየርኩ በኋላ ለአራት ቀን ነዳሁ፤ እስከ ጫጫ ደርሶ መልስ በአንድ ፍጥነት ሄድኩ። ስካነሩ የካታሊቲኩን ፍተሻ READY ብሎ ጻፈ፤ P0420ም አልተመለሰም። ሌላው፣ የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ላይ ተሰልፎ መጠበቅ ካታሊቲኩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሳይግል ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ከሰዓት ሄድኩ። ወረፋ ላይ ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ተራዬ ሲደርስም ለጥቂት ደቂቃ ዙሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። HC 480 የነበረው 55 ሆነ፤ ቦሎዬንም ያን ዕለት ለጠፍኩ።