ጀርባውንም ፎቶ አንሱት

እህቴ ጅዳ ነች። ጅማ ላለው ቤታችን ውክልና ልትሰጠኝ አስባ የሚሞላውን ቅጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የተጠየቀውን ሁሉ ጽፌ መለስኩላት። በቀጠሮዋ ቀን ግን ከወረቀቱ ጀርባ የቤቱ ካርታ ቁጥር ተጠይቆ ተገኘ። እኔ አጂፕ ሰፈር ሻይ እየጠጣሁ፣ ካርታው እናታችን ሳጥን ውስጥ! ቀጠሮው አለፈ፤ የቀን ደሞዟም አብሮ ሄደ።

ለነገሩ ፎቶው ላይ ፍንጭ ነበር። ተራ ቁጥሩ 6 ላይ ይቆማል፣ የፊርማ ቦታ የለውም፣ ግርጌው ላይ በደቃቁ «1/2» ይላል። እነዚህን ሳታዩ መልስ አትላኩ። ላኪውም ወረቀቱን ገልብጦ ያንሳ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ አለበለዚያ ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል።