«ምሕረት» እና «ትምህርት» ሲምታቱ፦ የሀ ፊደሎችን ስናርም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጽሑፍ ስተይብና ሳርም ነው የምውለው። ባለፈው ክረምት ስለ ከተማችን አድባራት የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ ለእርማት መጣልኝ። የሀ ፊደሎች ነገር ብዙ ሰው ስለሚያስቸግር፣ እሱ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

ችግሩ፦ ዐይኔ ያየውን ቃል ኮምፒውተሩ አያገኘውም

«ማኅሌት» ብዬ ፈለግሁ። አራት ቦታ ብቻ አመጣልኝ። እኔ ግን ቃሉን በየገጹ አይቼዋለሁ። ለካ የቀሩት «ማህሌት» እና «ማሕሌት» ተብለው ተጽፈዋል።

ምክንያቱ

ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አንድ ሆኑ። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስቱም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በዚያ ላይ ግእዙ ሀ እና ራብዑ ሃ በአማርኛ እኩል ስለሚነበቡ፣ «ኃይል» ብቻውን ሀይል፣ ሃይል፣ ሐይል፣ ሓይል፣ ኀይል እየተባለ ይጻፋል። በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ደግሞ h ስንነካ ቀድሞ የሚመጣው ሃሌታው ህ ነው። የቸኮለ ሰው በዚያው ይቀጥላል።

መፍትሔው

መጀመሪያ ሁሉንም መልኩን በአንድ ጊዜ ፈልጉ። በWord «Use wildcards»ን፣ በLibreOffice «Regular expressions»ን አብሩና እንዲህ ጻፉ፦

```
ማ[ህሕኅ]ሌት
```

ቅንፉ «ከሦስቱ የትኛውም ይሁን» ማለት ነው። ሁሉም ይወጣሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው ትክክሉ የሚለው ነው። ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ የኔታ ለዚህ አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ግሱን አምጣ።» የማኅሌት ግስ ኀለየ ነው፤ ዘመረ፣ በዜማ አመሰገነ ማለት ነው። ሐለየ ካልነው ግን ዐሰበ ማለት ይሆናል፤ «ሕሊና» የወጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ማኅሌት በብዙኃኑ፣ ሕሊና በሐመሩ ይጻፋል። ግሱ ካልመጣላችሁ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ግለጡ። አደራደሩ አበገደ ስለሆነ ሐን ከለ ቀጥሎ አትፈልጉት፤ ከዘ ቀጥሎ ነው።

ሁለተኛው ችግር፦ ካረምኩ በኋላ አዲስ ስሕተት መጣ

ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው፤ ያኔ በጣም አናዶኛል። ደራሲው «ምህረት» እያለ ጽፎ ነበር። ግሱ መሐረ ነው፤ ይቅር አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ምሕረት» መሆን አለበት። «ምህረቱ»ም «ምህረትህ»ም እንዳያመልጠኝ ብዬ «ምህ» የሚለውን በሙሉ በአንዴ ወደ «ምሕ» ቀየርኩት። በማግስቱ ሳነበው «ትምሕርት» እና «መምሕር» የሚሉ ቃላት አፍጥጠው ጠበቁኝ።

እነዚህ ከሌላ ግስ የመጡ ናቸው። መሀረ በሃሌታው ሲሆን አስተማረ ማለት ነው። ትምህርት፣ መምህር፣ ምሁር ከእሱ ይወጣሉ። በአማርኛ ስንናገር ልዩነቱ ለጆሮ አይሰማም። ትግርኛ የሚችል ሰው ግን አጠገባችሁ ካለ ሁለቱን ቃላት እንዲናገር ጠይቁት፤ የምሕረትን ሐ ከጉሮሮው ያወጣዋል፣ የትምህርትን ህ ግን እንደኛው ይላታል። ሐንና ኀን ለመለየት ግን ትግርኛም አይረዳም፤ እዚያም ሁለቱ ተዋህደዋል።

እንዴት አስተካከልኩት? የቀየርኩትን መለስኩና ፍለጋውን ወደ «ምህረ» አጠበብኩት። ትምህርትና መምህር በዚህ አይነኩም፤ «ር» እንጂ «ረ» የላቸውም። ያም ሆኖ ስለ አድባራት በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ «መምህረ መጻሕፍት» የሚል ማዕረግ አይጠፋም፤ እሱ ደግሞ «ምህረ» አለበት። ስለዚህ «Replace All» አልነካሁም። አንድ በአንድ እያየሁ ቀየርኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ግስ የማይመጣላቸው

አንዳንድ ሀ ከግእዝ ሀ አልመጣም። «ሆነ» ከኮነ፣ «ሁሉ» ከኵሉ ነው የመጡት፤ ከ ወደ ሀ ተለውጦ። እዚህ ላይ ሐ እና ኀ መፈለግ ድካም ነው፤ ሃሌታው ይበቃል።

የሰው ስም ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። በዚያ መጽሐፍ ምስጋና ገጽ ላይ «ሀይሉ» የተባሉ አባት ነበሩ። እኔ «ኃይሉ» ላደርገው ስል ደራሲው ስልክ ደውሎ ጠየቃቸው። መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይሁን አሉ። እንደዚያው ተውኩት።